ለመታመሙ ማስረጃ ይቅረብ

እኔ በቀጠሮ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ሌላው ሰው ዓመቱን በበዓል ይቆጥራል፤ እኔ ዳኛው ሥልጠና የሄደበት ቀጠሮ፣ መዝገቡ የጠፋበት ቀጠሮ፣ ጋዲሳ "መልሴን አላዘጋጀሁም" ያለበት ቀጠሮ እያልኩ ነው የምቆጥረው። ጊንጪ፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ጋ ሻይ ቤት አለኝ። ወደ አምቦ የሚያልፉት ረዳቶች የሻይ ቤቱን በር ተዘግቶ ካዩ "ሶረቲ ዛሬም ችሎት ናት" ይባባላሉ። በማግስቱ ደግሞ "እንዴት ዋለ?" ይሉኛል። "ተቀጠረ" እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጂራና እናቴ ወርቅቱ አልወለዱም። እኔን ገና ጡት ሳልጥል በጉዲፈቻ ወሰዱኝ። በእኛ አገር ጉዲፈቻ በሽማግሌ ፊት ነው፤ ይመረቃል፣ ቅቤ ይቀባል፣ አባትየው "ከዛሬ ጀምሮ ከአብራኬ የወጣች ናት" ይላል፣ አለቀ። ወረቀት የለውም። አገር የሚያውቀውን ነገር ማን ይጽፋል? ለማንስ ይጻፋል?

እናቴ ቀድማ ሞተች፣ አባቴም ብዙ አልቆየም። ሻይ ቤቱ ያለበት ግቢ የእሱ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ይሰጠኝ ብዬ ለወረዳው ፍርድ ቤት ባመለክት ጋዲሳ ተቃዋሚ ሆኖ መጣ። ጋዲሳ የአባቴ የወንድሙ ልጅ ነው፤ ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው። "አጎቴ አዝኖ አሳደጋት እንጂ ልጁ አይደለችም። ወራሹ እኔ ነኝ" አለ፣ እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ። ግቢውን ይገባኛል ቢል ኖሮ እሺ፣ ሰው ነው፣ ግቢ ያምረዋል። "ልጁ አይደለችም" ማለቱን ግን ምን እለዋለሁ? አባቴን ያጠብኩት፣ ያበላሁት፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ማን ሆኜ ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት?

ዳኛው "ጉዲፈቻው መፈጸሙን በምስክር አስረጂ" አሉኝ። ጎረቤት ሞልቷል፣ እንዳሳደገኝ ሁሉም ያውቃል። ግን ማሳደጉን ጋዲሳም አልካደም። የካደው ቃሉን ነው። ቃሉ ሲነገር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁለቱ አፈር ለብሰዋል፤ በሕይወት ያሉት ኦቦ ኤጄታ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የሚኖሩት ከደንዲ ሐይቅ ወዲህ ነው፣ በበጋ እንኳን መኪና ተለምኖ በሚገባበት አገር። ባለፈው ቀጠሮ ጎርፉ አላሻግር ብሏቸው ቀሩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው "ይህ የመጨረሻ ነው፤ በሚቀጥለው ካልቀረቡ ምስክር የማሰማት መብትሽ ይታለፋል" አሉኝ። አይፈረድባቸውም። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው መዝገብ ቁመታቸውን ያህላል።

ቀጠሮው ረቡዕ ነበር። ሰኞ ጠዋት የኦቦ ኤጄታ ልጅ ሌንጮ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሻይ ቤቴ ገባ። ሳይቀመጥ ገባኝ።

"አባዬ ታሟል" አለ። "ትንፋሽ አጥሮታል። ከአልጋ አይወርድም።"

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር መሰላችሁ? "ሌላ ጊዜ አጥተው!" አልኩ በሆዴ። ከዚያ አፈርኩ። ድካም ሰውን እንዲህ ክፉ ያደርጋል። ለሌንጮ ሻይ ሰጥቼው፣ ነጠላዬን አጣፍቼ አቶ ሥዩም ጋ ሄድኩ።

አቶ ሥዩም ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ላስቲክ ወጥሮ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። አያቶቹ ከመንዝ መጥተው እዚህ ቀሩ፤ እሱ በቁቤ የሚጽፈው ኦሮምኛ ግን ከእኔ የሰላ ነው። ጉዳዬን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ማመልከቻዎቼን ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ስነግረው ጣቱን ከታይፑ ላይ አነሳ።

"የቀጠሮ ይለወጥልኝ ማመልከቻ እንጽፋለን" አለ። "ዋና ምስክሬ በሕመም ምክንያት መቅረብ ስላልቻለ፣ ሌላ ያንን የሚያውቅ ምስክር ስለሌለኝ እንላለን። መጥሪያው ደርሷቸዋል አይደል?"

"ደርሷቸዋል። ፈርመው ተቀብለዋል።"

"ጥሩ። እሱም ይጠቀሳል፤ መጥሪያ አድርሰሽ ነው የቀሩት፣ በአንቺ ቸልተኝነት አይደለም። ማረጋገጫውንስ አመጣሽ?"

"የምን ማረጋገጫ?"

"የሐኪም ነዋ! ታሟል ብሎ ማመልከት ማን ያቅተዋል? አገሩ ሁሉ በቀጠሮው ዋዜማ ይታመማል። ሐኪም ያየው፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ካልተያያዘ ዳኛው አያነቡትም።"

"ቀበሌያቸው ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ አለች።"

"እሷ ሐኪም አይደለችም፣ ማኅተምም የላትም። ጤና ጣቢያ ይምጡ።"

"የትኛው ጤና ጣቢያ?"

"ይኸው እዚህ" አለና ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ያለውን ጣራ በአገጩ አሳየኝ።

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። "ሥዩም፣ ስማኝ እስቲ። ሰውየው ጊንጪ መምጣት አይችሉም ብለን ነው የምንጽፈው። መምጣት አለመቻላቸውን ለማስረዳት ታዲያ ጊንጪ ይምጡ?"

"እኔ ነኝ እንዴ ያወጣሁት?" አለ ተቆጥቶ። "ሐኪም ባላየው ሰው ላይ አይጽፍም። እሱም ልክ ነው፣ ዳኛውም ልክ ናቸው። መሐል ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ምን ላድርግሽ?"

"ለመቼ ይለወጥ እንበል?"

"አንድ ወር እንጠይቅ። ሰውየው እስኪያገግሙ።"

ተመለስኩ። ሌንጮን እያየሁ አፌን ለመክፈት ምን ያህል እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የታመመ አባትህን ለእኔ ወረቀት ስትል አምጣልኝ ይባላል? ሌንጮ ግን ራሱ ቀደመኝ። "ለነገሩ መታየትም አለበት" አለ። "እምቢ እያለ እንጂ። ካንቺ ጋር ብንለምነው ይሻላል።"

ማክሰኞ ጠዋት ደንዲ ደረስን። ሐምሌ ነው፤ መንገዱ እግር ይውጣል። ኦቦ ኤጄታ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መተኛት አይችሉም፣ ሲተኙ ያፍናቸዋል። እግራቸው አብጧል። ገና ሲያዩኝ ተነሥተው ሊቀበሉኝ ሞከሩ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ስለ ጤና ጣቢያው ብቻ ነገርኳቸው። ስለ ወረቀቱ ለመናገር ወኔ አልነበረኝም፤ እሳቸው ግን የዋዛ ሰው አይደሉም።

"ነገ አይደል ቀጠሮው?" አሉኝ።

"ነገ ነው፣ አባ።"

"እንግዲያው እሄዳለሁ" አሉና ለሌንጮ ካፖርታቸውን አምጣልኝ አሉት። አዲሱን፣ ለሠርግ የሚለብሱትን። ጢማቸውንም አስተካከሉ። በቃሬዛ የሚሄድ ሰው ጢሙን ሲያስተካክል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጎረቤት ተጠራ፣ ቃሬዛው ታሰረ፣ ስምንት ጎረምሳ እየተፈራረቀ ተሸከማቸው። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎን ከጎን እሄዳለሁ። ቃሬዛ ሲያልፍ ዝም ብሎ መቆም በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ያገኘው ሰው ትከሻውን ሰጥቶ ጥቂት ሸኝቶ ይመለሳል። ገበሬው ከማሳው እየወጣ፣ እረኛው ከብቱን ለጓደኛው እየሰጠ እየገባ እየወጣ አደረሱን። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሳያይ ሳይጠይቅ ከፊተኛው ልጅ ሥር ገብቶ አነሣ። ቀና ሲል ተያየን። ጋዲሳ ነበር።

እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ቃሬዛው ላይ ማን እንዳለም ያኔ ነው ያወቀው። ጥሎ አይሄድ ነገር፣ አገር ያየዋል። ዳገቱን እስኪጨርስ ተሸከመ። ላቡ ሲወርድ አይቼ በሆዴ "እሰይ" አልኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ግን አሳዘነኝ። ከላይ ሲደርስ ለሌላ አስረከበና ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን "አይዞዎት አባ" አላቸው። ወደ እኔ ሳያይ ተመለሰ።

ጤና ጣቢያው የምታክም ናኦሚ የምትባል ልጅ ናት፤ ጤና መኮንን ናት፣ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንላት። ፈጣን ናት፣ ቁጡም ናት። ካርድ ካላወጡ፣ ካልመረመርኩ ለፍርድ ቤት አንድ መስመር አልጽፍም ብላ ጀመረች። ካርድ አወጣን። አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አካም ጅርቱ አባ? ምን አመምዎት?"

ኦቦ ኤጄታ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። "ፈያ ልጄ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?"

"እኔ ደህና ነኝ። ደረትዎን ያምዎታል?"

"ምንም አላመመኝም። ደህና ነኝ።"

እሷ ጻፈች። "አባ!" አልኳቸው። "ሐኪም ናት እኮ፣ እውነቱን ይንገሯት!"

"ምን ነው የምትጮሂብኝ?" አሉኝ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "እንግዳ ሰው 'ደህና ነዎት?' ሲል 'ሞቼልሃለሁ' ይባላል?"

እንግዲህ ምን ታደርጓቸዋላችሁ? ሰማንያ ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ" ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ናኦሚ ግን ጆሮዋን እንጂ አፋቸውን አላመነችም። ደረታቸውን፣ ጀርባቸውን አዳመጠች፣ እግራቸውን በጣቷ ተጫነች፣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ፊቷ ተለወጠ። ልባቸው ደክሟል፣ ሳንባቸው ውኃ ይዟል፣ አምቦ ሆስፒታል መግባት አለባቸው አለች። የወረዳው አምቡላንስ ግን ወላድ ይዞ ሄዷል፤ እስኪመለስ መድኃኒት ተሰጥቷቸው እዚያው አልጋ ያዙ።

ወረቀቱን ጻፈችልኝ። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የካርድ ቁጥራቸው፣ ቀኑ፣ በሽታው፣ "መንቀሳቀስ አይችሉም፣ ወደ ሆስፒታል ተልከዋል" የሚለው፣ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም። ግን ከላይ፣ "የሕመምተኛው ቃል" በሚለው ቦታ "ምንም ሕመም እንደሌላቸው ይናገራሉ" የሚል አለ።

"ይህቺን ተያት" ብዬ ለመንኳት።

"ያሉትን ነው የጻፍኩት። ወረቀቱ የእኔ ነው፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ልክ ናት። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ልክ ነበር፣ ያ ነው የገደለኝ።

አቶ ሥዩም እየጠበቀኝ ነበር። የመዝገብ ቁጥሩን፣ አመልካች ሶረቲ ጂራ፣ ተቃዋሚ ጋዲሳን ከላይ አድርጎ፣ ምስክሩ ለምን ዋና እንደሆኑ፣ መጥሪያ መቀበላቸውን፣ ማስረጃው አንድ ገጽ ከነዋናው መያያዙን፣ ቀጠሮውም በአንድ ወር እንዲለወጥ ጻፈ። የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በቃለ መሐላ አረጋግጣለሁ የምትለዋን ወረቀት ለብቻ አደረገልኝ። ፈረምኩ። ቢሮ ሳይዘጋ ሬጅስትራር ገብቶ ቁጥር ተሰጠው፤ አንዱ ግልባጭ ለጋዲሳ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ችሎቱ በሰው ተጨናንቋል፣ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ጋዲሳ ከወዲያ ጥግ ቆሟል። ግልባጩን አጣጥፎ ይዞታል፣ አንብቦታል። ተራችን ደረሰ። ዳኛው ማመልከቻውን አነበቡና "ተቃዋሚ፣ ምን ትላለህ?" አሉት።

"እቃወማለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት" አለ። "ባለፈው የመጨረሻ ነው ተብሏል። ደግሞም ምስክሩ ራሳቸው 'ምንም አላመመኝም' ብለዋል፣ ማስረጃው ላይ ተጽፏል። እስከ ጊንጪ መጥተዋል። ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ችሎት መምጣት ለምን ያቅተዋል? ነገሩን ለማጓተት ነው። መብቷ ይታለፍልኝ።"

ለማጓተት! እኔ! የእሱን ቀጠሮዎች ቆጥሬ ልነግራቸው አፌ ላይ መጣ። ዳኛው ወረቀቱን አነሡ፣ ያቺን መስመር አነበቡ፣ ቀና ብለው አዩኝ። አየሁት፣ እምነታቸው ሲሸሽ አየሁት።

"አመልካች? ይህን እንዴት ታስረጃለሽ?"

ሽማግሌ ሰው "ደህና ነኝ" የሚለው ደህና ስለሆነ አይደለም ብዬ ለዳኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ከዚያ የጋዲሳ ትከሻ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"ክቡር ፍርድ ቤት" አልኩ፣ "እኔን አይጠይቁ። እሱን ይጠይቁት። ትናንት ቃሬዛውን የተሸከመው እሱ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው "ወይ ጉድ!" ሲል ሰማሁ። ዳኛው ወደ ጋዲሳ ዞሩ።

"እውነት ነው? ተሸክመሃቸዋል?"

ጋዲሳ ሊክድ ይችል ነበር። ግን ከኋላው የቆሙት ሰዎች የደንዲ ሰዎች ናቸው፣ ግማሾቹ ከእሱ ጋር ተፈራርቀዋል። እኔ ግን እነሱን ፈርቶ ብቻ አይመስለኝም። መሬት መሬት አየና "ተሸክሜያቸዋለሁ" አለ።

"ታመው ነበር?"

"ጤነኛ ሰው በቃሬዛ አይሄድም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"ታዲያ ለምን ተቃወምክ?"

ግልባጩን መልሶ አጣጠፈው። ዳኛውም አላስጨነቁት። ማስረጃውን እንደገና፣ አሁን እስከ ታች አነበቡት። "አመልካች፣ አንድ ወር ነው የጠየቅሽው። ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤት ይዘጋል። ብለውጠው የሚውለው ጥቅምት ላይ ነው። ምስክርሽ አምቦ ሊላኩ ነው ይላል። እስከ ጥቅምት ይቆያሉ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት?" አልኩ። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። "ደክሞኛል። እሳቸውም ደክሟቸዋል። ማመልከቻውን ይተዉት፣ አይለውጡልኝ። ይኸው አጥር ለአጥር ናቸው፤ ባሉበት ይስሙልኝ።"

ዳኛው ለጸሐፊው እያስጻፉ ወሰኑ፤ ምስክሩ በሕመም ምክንያት መቅረብ እንዳልቻሉ በማስረጃ ተረጋግጧል፣ ቀጠሮው ለዛሬ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ተለውጧል፣ ምስክሩ በጤና ጣቢያው ባሉበት ይሰማሉ፣ ግራ ቀኙ እዚያ ይገኙ። ከቀጠሮዎቼ ሁሉ አጭሩ ያ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ጋዲሳና እኔ አልጋውን ከበብን። ናኦሚ በር ላይ ቆማ "አያስጨንቋቸው፣ ሲደክማቸው አስቆማለሁ" አለች። ኦቦ ኤጄታ በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ። ዳኛው ጥያቄውን በቀስታ ጠየቁ። ሟች ጂራ ሶረቲን የወሰዷት ለልጅነት ነው ወይስ ለማሳደግ ብቻ?

"ለልጅነት ነው" አሉ። ስለ ቅቤው፣ ስለ ምርቃቱ፣ አብረዋቸው ስለነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ተናገሩ። ጸሐፊው ይጽፋል። እፎይ ልል ስል ትንሽ ትንፋሽ ወሰዱና ቀጠሉ።

"ለማሳደግ ብቻ ቢሆንማ ያኔ ይመልሳት ነበር።"

"መቼ?" አሉ ዳኛው።

"የወለደቻት ስትመጣ። ልጅቷ ጥርሷን መንቀል ጀምራ ነበር። ዘርፈሽ ነው ስሟ። ባሏ ሲሞት በድህነት ሰጥታን ነበር፣ በኋላ እንጭኒ ከተማ አገባች፣ ጎጆ ወጣች። 'ልጄን መልሱልኝ' ብላ ለልመና እርጥብ ሣር ይዛ መጣች። እኛው ሦስታችን ተቀመጥን። ጂራ 'ልጅ የለኝም ነበር፣ አሁን አለኝ፤ ከሰውነቴ ቆርጣችሁ ውሰዱ' አለ። ጉዲፈቻ አይፈታም ብለን ፈረድን። ከግቢው በር አልሄድ አለች። ልጅቷን እንዳታያት ወርቅቱ ወደ ጓዳ አስገባቻት። እስኪመሽ እዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።" ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "እንዳትነግሯት ብሎ ጂራ አስምሎን ነበር። ዛሬ ከዚያኛው መሐላ ይህኛው በለጠብኝ። ይቅር በይኝ።"

ዳኛው ጋዲሳን "መስቀለኛ ጥያቄ አለህ?" አሉት።

ጋዲሳ እኔን እያየ ነበር። "የለኝም" አለ።

እኔ ማሸነፌን አውቄያለሁ። ሞኝ አይደለሁም፣ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ አባቴ ልጄን አልሰጥም ብሎ በሽማግሌ ፊት ተሟግቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሰው ስለ ወለደችኝ ሲጠይቀኝ ዕድሜዬን ሙሉ "ጥላኝ ሄደች" ነበር የምለው። እንዲያውም እየሳቅሁ ነበር የምለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሐፊው ቃላቸውን አነበበላቸው፣ በጣታቸው ፈረሙ። አምቡላንሱ አመሻሽ ላይ መጥቶ ወሰዳቸው፣ አምቦም ሰንብተው በእግራቸው ተመለሱ።

ፍርዱ ለዚያው ሐምሌ መጨረሻ ተቀጠረ። በቀጠሮው ቀን ግን ችሎት አልነበርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረሁ። ማለዳ ሻይ ቤቴን ዘግቼ፣ መኪና ለውጬ፣ እንጭኒ ገባሁ። የገበያ ቀን ነበር። ዘርፈሽን እየጠየቅሁ ገበያውን ዞርኩ፤ አንዷ ቅቤ ሻጭ እቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ራሷ ቤቱ ድረስ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ቁልፍ ነበር።

"አርፋለች እኮ" አለች። "ባለፈው ክረምት። ልጅም አልነበራትም፣ ቤቱን የባሏ ወገኖች ወሰዱት። አንቺ ምኗ ነሽ?"

"ልጇ" አልኩ።

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ወይኔ!" አለች። "ጊንጪ ልጅ አለችኝ፣ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ አንድ ቀን ትመጣለች እያለች ስታወራን እኛ እኮ መሃን ስለሆነች የምታወራው ነበር የሚመስለን። አላመንናትም። ማንም አላመናትም።"

መቃብሯን አሳይታኝ ወደ ገበያዋ ተመለሰች። ማታ ጊንጪ ስደርስ ጋዲሳ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። "ፍርዱ ተነበበ" አለኝ። "የጂራ ልጅ ነሽ ተብሏል።" አመሰግናለሁ አልኩትና በሩን ከፈትኩ፣ እሳት ማያያዝ ነበረብኝ፣ አውቶቡስ ሊገባ ነው።